በሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ የትኞቹን ቡዞች ልጎብኝ፣ ምንስ ልጠይቅ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባም ሆነ በየዩኒቨርሲቲው በሚዘጋጁ የሥራ ዐውደ ርዕዮች ላይ ለመገኘት የሚያስቡ አዲስ ተመራቂዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

በአንድ ቀን ስንት ቡዝ መጎብኘት ይቻላል?

በአግባቡ አነጋግሮ ለመውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ቡዝ ለአንድ ቀን ይበቃል። ሚሊኒየም አዳራሽን በመሰለ ሰፊ ቦታ ድርጅቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ ሁሉንም ማዳረስ የሚገባ ይመስላል። ነገር ግን ፍሬ ያለው አንድ ንግግር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ ሰልፉ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ሁሉንም ላዳርስ የሚል ሰው በየቡዙ ሲቪውን አስቀምጦ፣ በራሪ ወረቀት ተቀብሎ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ቤት ሆኖ በኢሜይል ከመላክ የሚለየው በታክሲ ወጪው ብቻ ነው።

ከሚመጡት ድርጅቶች ውስጥ የሚሆኑኝን አስቀድሜ እንዴት ልለይ?

አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የተሳታፊ ድርጅቶችን ስም በቴሌግራም ቻናላቸው ወይም በምዝገባው ገጽ ላይ ቀድመው ያወጣሉ። ዝርዝሩ እጅዎ ሲገባ በድርጅቱ ዝና አይምረጡ። በመጀመሪያ መጣራት ያለበት ድርጅቱ በቅርብ ወራት የእርስዎን የትምህርት መስክ የሚጠይቅ፣ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ አውጥቶ እንደሆነ ነው። ይህንንም በሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች፣ በጋዜጦች የማስታወቂያ ገጾችና በድርጅቱ የራሱ ቻናል ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይቻላል። ባለፈው ስድስት ወር ሁለት ጊዜ ጀማሪ ሠራተኛ የፈለገ ድርጅት ለሦስተኛ ጊዜ የመፈለግ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስሙ በአገር የታወቀ ሆኖ ዘወትር «የአምስት ዓመት ልምድ» ብቻ የሚጽፍ ድርጅት ግን ለአዲስ ተመራቂ ያን ቀን የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው።

የድሮ ማስታወቂያዎቹ ሌላም ጥቅም አላቸው። የጂፒኤ መነሻቸውን፣ የምረቃ ዓመት ገደባቸውንና የሚመድቡበትን ከተማ ስለሚያሳዩ፣ ቡዙ ጋ ሲደርሱ የተጻፈውን መልሰው በመጠየቅ ጊዜ አያባክኑም።

አዳራሹ ውስጥ እንደገባሁ ወደ የትኛው ቡዝ ልሂድ?

ወደ የትኛውም አይሂዱ። የመጀመሪያውን ሃያ ወይም ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሰለፉ አንድ ዙር ይዙሩና በየቡዙ የተለጠፉትን ክፍት የሥራ ቦታዎች ብቻ ያንብቡ። ከቤት ይዘውት የመጡት ዝርዝር እዚህ ላይ መታረሙ አይቀርም፤ ይመጣል የተባለ ድርጅት ይቀራል፣ ያልተጠበቀ ፋብሪካ ደግሞ አምስት ቦታ ለጥፎ ይገኛል።

ከዙሩ በኋላ በጣም በሚፈልጉት ቡዝ አይጀምሩ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ በሰጡት አንዱ ላይ ራስዎን ማስተዋወቅ ይለማመዱና ድምፅዎ ሲረጋጋ ወደ ዋናው ይለፉ። ነገር ግን ዋናውን ለከሰዓት በኋላ አያቆዩት። ከሰዓት በኋላ ውሳኔ ሰጪዎቹ ወደ ቢሯቸው ይመለሱና ቡዙ ላይ ወረቀት የሚያድሉ ወጣቶች ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ።

አንድ ቡዝ በእርግጥ እየቀጠረ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ወደ ዐውደ ርዕይ የሚመጣ ሁሉ ሊቀጥር አይመጣም። ስሙን ለማስተዋወቅ፣ የባንክ ሒሳብ ለማስከፈት፣ ሥልጠና ለመሸጥ ወይም ለወደፊት የሚሆን የሲቪ ክምችት ለመሰብሰብ የሚመጣም አለ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው እርስዎ ሳያውቁት አንድ ሰዓት ሲሰለፉ ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ቡዙ ላይ የቆመው ሰው ማንነት ነው። «እርስዎ በየትኛው ክፍል ነው የሚሠሩት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱ የሰው ሀብት ክፍል ከሆነ ስለ ምልመላው ሂደት ይጠይቁ፤ ራሱ ሠራተኛው የሚመደብበት ክፍል ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎትና ስለ ሥራው ይጠይቁ። የማርኬቲንግ ባልደረባ ብቻ ከሆነ የሰው ሀብት ሰው መቼ እንደሚገኝ ጠይቀው ይለፉ። ሁለተኛው ምልክት የሥራ ቦታው ብዛትና ጊዜ በቁጥር መነገሩ ነው። «ለዚህ መደብ ስንት ሰው ትፈልጋላችሁ፣ መቼስ ሥራ ይጀምራል?» ሲባል «አሥራ ሁለት ሰው፣ ከሁለት ወር በኋላ» የሚል ቡዝና «ሁልጊዜም ብቁ ሰዎችን እንፈልጋለን» የሚል ቡዝ አንድ አይደሉም።

ሰልፉ በጣም ረጅም ከሆነ ልጠብቅ ወይስ ልተወው?

በግምት አይወስኑ፣ ይቁጠሩ። ከሰልፉ አጠገብ አሥር ደቂቃ ቆመው ስንት ሰው አነጋግሮ እንደወጣ ይመልከቱ። በአሥር ደቂቃ አራት ሰው ከወጣና ከፊትዎ አርባ ሰው ካለ የሚጠብቁት መቶ ደቂቃ ነው። በአሥር ደቂቃ ሃያ ሰው ከወጣ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ሆኖም እዚያ ንግግር የለም ማለት ነው፣ ሲቪ ብቻ እየተሰበሰበ ነው። ፈጥኖ የሚሄድ ሰልፍ ጥሩ ዜና የሚመስላቸው ብዙዎች ይህን አያስተውሉም።

መቶ ደቂቃ ከመቆምዎ በፊት ከሰልፉ ጫፍ ላይ ያለውን ሠራተኛ «እዚህ የሚሞላው ቅጽ በኢንተርኔት ከሚሞላው ይለያል?» ብለው ይጠይቁ። የማይለይ ከሆነ አድራሻውን ይውሰዱና ጊዜውን ሰው ላላየው ቡዝ ያውሉት። ቦታው ላይ ፈተና ወይም አጭር ቃለ መጠይቅ የሚደረግ ከሆነ ግን መጠበቁ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲታይ ምን ይመስላል?

ከአንድ ዓመት በፊት በአካውንቲንግ በ3.1 ጂፒኤ የተመረቀች አንዲት ወጣት ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት 50 ቡዝ ያሉበት አዳራሽ ገባች እንበል። በመጀመሪያው ዙር ካነበበቻቸው ማስታወቂያዎች ውስጥ አካውንቲንግን በዜሮ ዓመት ልምድ የሚፈልጉት 11 ብቻ ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ የጂፒኤ መነሻቸው 3.25 ነው፤ አንዱ ደግሞ የሚቀበለው የዘንድሮን ተመራቂ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰባት ቀሩ። ከሰባቱ ሁለቱ ባንኮች ሲሆኑ ሰልፋቸው በራፉ ድረስ ደርሷል። ቆጥራ፣ ጠይቃ፣ ቅጹ በኢንተርኔት የሚሞላ መሆኑን ስታረጋግጥ አድራሻቸውን ይዛ ተወቻቸው። በእጇ አምስት ቡዝና የጠዋቱ አብዛኛው ሰዓት ቀረላት።

ከአምስቱ አንዱ ሁለት ሰው ብቻ የቆመበት የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው፤ ቡዙ ላይ ያገኘችው ደግሞ ዋናውን የሒሳብ ሹም ነው። «አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር የሚሠራው ምንድን ነው?» ስትለው የመጋዘን ገቢና ወጪ ሰነዶችን ማስታረቅ መሆኑን ነገራት። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ከመቻል ይልቅ የምርት ዋጋ ስሌት ማወቅ በቃለ መጠይቁ ላይ እንደሚመዘንም፣ ባለፈው ዙር የወደቁት አብዛኞቹ በዚያ እንደወደቁም ጨመረላት። ፋብሪካው ዱከም እንደሆነ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ግን ከቃሊቲ ብቻ እንደሚነሣ አወቀች። ማስታወቂያው ላይ ከነዚህ አንዱም አልተጻፈም። ቡዙ ለቃ ስትወጣ የምታነበውን ምዕራፍ አውቃለች፤ ቤቷ ኮተቤ ከሆነ ደግሞ ቃሊቲ ድረስ በየማለዳው ምን እንደሚያስከፍላት ለማስላት የሚያስችል ነገር ይዛለች።

ታዲያ ቡዙ ላይ በዋነኛነት ምን ልወቅ?

ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈውን። ከዚህ ውስጥ ቀዳሚው አመልካቾች የሚጣሩበት መንገድ ነው። አንድ ሺህ ሰው ለሃያ ቦታ ሲያመለክት ሁሉም ሲቪ አይነበብም፤ በጂፒኤ ይቆረጣል፣ ወይም በጽሑፍ ፈተና ይለያል፣ ወይም ፈተናና ቃለ መጠይቅ በየራሳቸው መቶኛ ይደመራሉ። «ባለፈው ዙር ለፈተና የተጠሩት የመጨረሻው ዝቅተኛ ጂፒኤ ስንት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከተለጠፈው መነሻ ይበልጥ ይናገራል። መነሻው 2.75 ተብሎ የተጠሩት ከ3.3 በላይ የሆኑት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉና። ፈተናው የትምህርት መስክ፣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ችሎታ ወይስ ጠቅላላ ዕውቀት እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ።

ሁለተኛው የቅጥሩ ዓይነት ነው። ቀጣሪው ድርጅቱ ራሱ ነው ወይስ በአውትሶርስ የሚያስገባ ሌላ ኩባንያ? የአንድ ታዋቂ ድርጅት አርማ ያለበት ቡዝ ላይ ተመዝግበው ውሉን ከሌላ ድርጅት ጋር መፈረማቸውን በመጨረሻው ሰዓት የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚታደስ? የሙከራው ጊዜስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥና በጽሑፍ እንዲሆን ይደነግጋል። በዚህ አዋጅ በሚተዳደር ድርጅት ቡዝ ላይ «ስድስት ወር ሙከራ» ከተባሉ፣ ያ ጊዜ ሥልጠና ነው ወይስ በውል የታሰረ ሥራ እንደሆነ ያብራሩልዎ።

ሦስተኛው ምደባ ነው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ማስታወቂያውን አዲስ አበባ ላይ አውጥተው ቅርንጫፍ በተከፈተበት ከተማ ይመድባሉ። ዝውውር ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚፈቀድ ካልጠየቁ መልሱን የሚያውቁት ሻንጣ ከያዙ በኋላ ነው።

ስለ ደመወዝ ቡዝ ላይ መጠየቅ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አይሁን፣ አጠያየቁም ይለይ። «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ሲባል ብዙዎች «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ብለው ያልፋሉ። «ለዚህ መደብ ጀማሪው የሚገባበት የደመወዝ እርከን ይታወቃል?» ቢባል ግን እርከኑን የሚናገር ይገኛል።

ቁጥር ከተነገረዎት ያልተጣራ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያጣሩ። ለምሳሌ መነሻ ደመወዙ 15,000 ብር ቢሆን ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ብቻ 1,050 ብር ነው፤ የሥራ ግብሩ ከዚህ ሌላ ነው። አሠሪው በበኩሉ የሚጨምረው 11 በመቶ በእጅዎ የሚገባ ገንዘብ ባይሆንም የጡረታ ምዝገባ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። የትራንስፖርትና የቤት አበል ከተጠቀሰው ቁጥር ውስጥ ነው ወይስ በላዩ የሚጨመር የሚለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ከደመወዙ ልዩነት ይበልጣል።

«ድረ ገጻችን ላይ አመልክት» ብለው ከሸኙኝ ጉብኝቱ ከንቱ ነበር?

አይደለም። ብዙ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በሲስተም ብቻ ስለሆነ ባለ ቡዙ ሌላ ማለት አይችልም። እርስዎ ግን ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፤ የመደቡን ትክክለኛ መጠሪያ፣ ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን፣ ሲስተሙ የሚጠይቀውን ሰነድ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ሦስት የሚመሳሰሉ መጠሪያዎች ሲኖሩ በተሳሳተው ማመልከት የተለመደ ጥፋት ነው። ያነጋገሩትን ሰው የሥራ ድርሻና የተነጋገሩበትን ነጥብ እዚያው ቆመው በማስታወሻ ይጻፉ፤ አራት ቡዝ ካለፉ በኋላ የማን ምን እንደሆነ መደባለቁ አይቀርም።

የመውጫ ፈተና ውጤት እየጠበቅሁ ነው፤ አሁን መሄድ ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል፤ የቡዝ ምርጫው ግን ይለወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ በመሆኑ፣ ሠራተኛውን በሚቀጥለው ወር ሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ቡዝ ለእርስዎ አይሆንም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብዙ ተመራቂ በአንድነት የሚቀጥሩትንና የተለማማጅነት መርሐ ግብር ያላቸውን ያስቀድሙ፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚከፈትም ይጠይቁ።

በተጨማሪ «ጊዜያዊ ዲግሪ ትቀበላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይረሳ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የወጪ መጋራቱን ክፍያ እስኪያጠናቅቅ ድረስ ዋናውን ዲግሪ ስለማይወስድ፣ ቀጣሪው በጊዜያዊው መቅጠር አለመቅጠሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከትምህርት መስኬ ውጭ ያሉ ቡዞችን ልለፋቸው?

ሁሉንም አይለፉ፤ ግን ከሁለት አይብለጡ። «በማንኛውም የትምህርት መስክ» ብለው የሚለጥፉት መደቦች በአብዛኛው የሽያጭ፣ የደንበኞች አገልግሎት ወይም የጥሪ ማዕከል ሥራዎች ናቸው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ከዚያ መደብ ወደ ሙያዎ ክፍል የውስጥ ዝውውር መኖሩ ነው። «ይቻላል» በሚል መልስ አይርኩ፤ «ባለፈው ዓመት ከዚህ መደብ ወደ ፋይናንስ የተዛወረ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ባለ ቡዙ ሰው ማስታወስ ካልቻለ መንገዱ በወረቀት ላይ ያለ ነው።

በሽያጭ መደቦች ላይ ደመወዙ ቋሚ ነው ወይስ ኮሚሽን ብቻ፣ የወሩ ዒላማ ካልተሟላስ ምን ይሆናል የሚለውን ሳይጠይቁ አይመዝገቡ።

ተያዥ ወይም የግዴታ ውል እንደሚጠየቅ ቢነገረኝስ?

ገንዘብና ንብረት በሚያዝባቸው መደቦች፣ ለምሳሌ በካሸርነትና በመጋዘን ሥራ፣ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ነው። ቡዙ ላይ ማጣራት ያለብዎት የዋስትናውን መጠንና የዋሱን ዓይነት ነው፤ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ይበቃል ወይስ የንብረት ዋስትና ያስፈልጋል? ከክልል መጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ተመራቂ ፈተናውን አልፎ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊቀር ስለሚችል፣ ጥያቄው ለእሱ ከጂፒኤው እኩል ነው።

የግዴታ ውል የሚመጣው ድርጅቱ ሥልጠና ሲሰጥ ነው። ሠልጣኙ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል፣ ቀድሞ ከለቀቀ ደግሞ ገንዘብ ለመክፈል ይፈርማል። የዓመቱንና የብሩን መጠን ይጠይቁ፤ የሚከፈለው ገንዘብ ባገለገሉት ጊዜ ልክ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆያል የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ አስፈላጊ ነው። በእኔ አስተያየት ይህን በግልጽ የማይመልስ ቡዝ ላይ ስም መጻፍ ይቻላል፣ የውሉን ረቂቅ ሳያነቡ ወደ ሥልጠናው መግባት ግን አይገባም።

የምዝገባ ክፍያ፣ ዋናውን ማስረጃ ወይም ፓስፖርት ከጠየቁኝ ምን ላድርግ?

ቡዙን ለቀው ይሂዱ። ለዐውደ ርዕይ ምዝገባ የሚያስፈልገው ሲቪና የማስረጃ ኮፒ ነው፤ ዋናው ለማመሳከር ታይቶ ወዲያው ይመለሳል እንጂ ማንም ዘንድ አይቀርም። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በአገር ውስጥ ሥራ ለማገናኘት ከሥራ ፈላጊው ክፍያ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድም። «የፎርም»፣ «የሥልጠና ማስያዣ» ወይም «የሲስተም መክፈቻ» ተብሎ ስሙ ቢለወጥም ገንዘቡ ያው ነው።

ወደ ውጭ አገር እንልካለን የሚል ቡዝ ካጋጠመዎት ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተሰጠውን የፈቃድ ቁጥር ይጠይቁና በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ቁጥሩንም ከሚኒስቴሩ ሳያረጋግጡ ምንም አይፈርሙ። ፈቃዱ ለየትኛው አገር እንደተሰጠ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ቪዛ ማን እንደሚከፍል፣ ውሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍም ይጠይቁ። በአዳራሹ ውስጥ ቡዝ መከራየት መቻሉ የፈቃድ ማረጋገጫ አይደለም። አዘጋጁ የሚያረጋግጠው የቦታ ኪራይ መከፈሉን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬ ካደረብዎት ያንኑ ቀን በአዳራሹ ላለው የአዘጋጆች ጠረጴዛ ያሳውቁ።